ካልቨርት፥ የጎርፍ ስሌቱና የአፉ ስፋት

ካልቨርት የክረምት ጎርፍ መንገዱን ሳይንድ ከሥሩ ያልፍ ዘንድ የሚቀበር የኮንክሪት ቱቦ ወይም ሣጥን ነው። ተፋሰሱ ከ50 ሄክታር ካልበለጠ፥ በኢትዮጵያ የመንገድ ፍሳሽ ንድፍ መመሪያ መሠረት ጎርፉ Q = C × I × A ÷ 360 በሚለው ቀመር ይሰላል፤ Q በሴኮንድ የሚወርደው ሜትር ኩብ፥ C ከዝናቡ ወደ ጎርፍነት የሚለወጠው እጅ፥ I የዝናቡ ኃይል በሚሊሜትር በሰዓት፥ A የተፋሰሱ ስፋት በሄክታር ነው። I የዕለቱ አማካይ ሳይሆን፥ ውሃው ከተፋሰሱ ሩቅ ጫፍ ተነሥቶ ቱቦው አፍ እስኪደርስ ለሚፈጅበት ጊዜ ያህል የሚቆየው ብርቱ ዝናብ ነው።

ለአብነት ያህል፥ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ 30 ሄክታር የታረሰ ጥቁር አፈር ብንወስድ፥ C 0.4፥ I ደግሞ 80 ቢሆን፥ ጎርፉ 2.67 ሜትር ኩብ በሴኮንድ ይሆናል። ይህን አንድ የ120 ሳንቲሜትር ቱቦ ብቻ እንዲያሳልፍ ቢደረግ ውሃው በመግቢያው 1.5 ሜትር ያህል ከፍታ ይቆማል፤ ስለዚህ የመንገዱ ሙሌት ዝቅተኛ በሆነበት ስፍራ ሁለት ቱቦዎች ጎን ለጎን ይቀበራሉ፥ ውሃውም ከቱቦዎቹ ጫፍ በታች ይቀራል። በሰኔ፥ የጤፍ ማሳ ገና ሳይሸፈን የሚታጠበው ደለል የቱቦውን አፍ ያጠብበዋልና፥ በመግቢያው ግንብ ላይ ከቱቦው ጫፍ በላይ የጭቃ መስመር ቢታይ፥ ቱቦው በደለል መታፈኑን ወይም ስፋቱ ማነሱን ያመለክታል።