የማቀዝቀዣ ቮልቴጅ ማረጋጊያ አመራረጥና አቀማመጥ

በአገራችን ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው መደበኛ ቮልቴጅ 220 ነው። ይህ መጠን ምጣድና ምድጃ በብዛት በሚሠሩበት ሰዓት በእጅጉ ሲቀንስ የማቀዝቀዣ (ፍሪጅ) ኮምፕሬሰር ለጉዳት ይጋለጣል። ለመነሣት የሚያስፈልገውን ጉልበት ስለማያገኝ ባለበት ቆሞ ከፍተኛ ከረንት ይስባል፤ የሞተሩ ጥቅል ሽቦም ይግላል። ማቀዝቀዣው «ቀጭ» ብሎ ለጥቂት ሰከንድ ካጉረመረመ በኋላ መልሶ «ቀጭ» ብሎ የሚቆም፣ ይህንንም የሚደጋግም ከሆነ ወዲያውኑ ከሶኬት መንቀል ይገባል።

ማረጋጊያ (ስታብላይዘር) ከመግዛት አስቀድሞ የቤቱን ቮልቴጅ በምሽትና በእኩለ ሌሊት በባለሙያ ማስለካት ያስፈልጋል። ለአብነት ምሽት 165፣ ሌሊት 245 ቮልት ቢለካ፣ ከ180 እስከ 250 ቮልት ብቻ የሚቀበል ማረጋጊያ በጣም በሚፈለግበት የምሽት ሰዓት ከወሰኑ ውጭ ይሆናል። ለዚህ ቤት ከ140 እስከ 260 ቮልት የሚቀበለው ይስማማል።

ቀጥሎ የሚታየው አቅም ነው። በማቀዝቀዣው ጀርባ በተለጠፈው መግለጫ ላይ 0.9 አምፔር ተጽፎ ቢገኝ፣ በ220 ሲባዛ ወደ 200 ቮልት-አምፔር ይሆናል። ይሁንና ኮምፕሬሰሩ በሚነሣበት ቅጽበት የዚህን አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊስብ ስለሚችል፣ ቢያንስ 1000 ቮልት-አምፔር ይፈለጋል። በተጨማሪም የሚገባው ቮልቴጅ ሲቀንስ የማረጋጊያው አቅም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ በምሳሌው ለተጠቀሰው ቤት 2000 ቮልት-አምፔር መምረጥ ተገቢ ነው። «ለፍሪጅ 500 ይበቃል» የሚለው የተለመደ ምክር የመነሻውን ፍላጎት ያላገናዘበ ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ዘግይቶ ኃይል የሚለቅ ማረጋጊያም መመረጥ አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ በማቀዝቀዣው ቱቦዎች ያለው የጋዝ ግፊት ስለሚመጣጠን ኮምፕሬሰሩ ሳይጨነቅ ይነሣል።

ማረጋጊያው በሥራ ላይ ስለሚሞቅ ከማቀዝቀዣው በስተጀርባ ወይም ከመጋረጃ ሥር አይቀመጥም፤ በማቀዝቀዣው አናት ላይም መንቀጥቀጥና የሚፈስ ውኃ ያገኘዋል። ከወለል ከፍ ባለ ደረቅ መደርደሪያ ላይ፣ በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ተትቶለት ቢቀመጥ ይመረጣል። የመሬት መስመር ካለው የግድግዳ ሶኬት ጋር በቀጥታ ይገናኛል እንጂ በዲቫይደር አይቀጠልም። ከማቀዝቀዣው በቀር ሌላ ዕቃ፣ በተለይም ምጣድ፣ አይሰካበትም።

ማረጋጊያው በየምሽቱ ኃይል የሚያቋርጥ ከሆነ ቮልቴጁ ከሚቀበለው ወሰን ወርዷል ማለት ስለሆነ፣ ችግሩ የሚፈታው በመስመሩ ላይ ነው። አምፖሎች በድንገት ከልክ በላይ ደምቀው ከታዩ ደግሞ የኒውትራል ሽቦ ልቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ዋናውን ማብሪያና ማጥፊያ ዘግቶ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ማሳወቅ ያስፈልጋል።