ዳግም ዘር ያለበት ያለእኩልነት

ያልታወቀው ቁጥር በዳግም ዘር ምልክት ሥር ተሰውሮ በሚገኝበት ያለእኩልነት፣ ፈቺው ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ከምልክቱ ሥር ያለው ከዜሮ የማያንስበትን ወሰን ነው። ለአብነት √(2x + 3) < x ቢሰጠን፣ x ከ−3/2 ማነስ የለበትም፤ ዳግም ዘርም ከቶ ከዜሮ ስለማያንስ፣ ከእርሱ የሚበልጠው x የግድ ከዜሮ በላይ መሆን አለበት። ሁለቱን ወገኖች በየራሳቸው ብናባዛ (x − 3)(x + 1) > 0 ይገኛል፤ ይህም x > 3 ወይም x < −1 ይላል። ሁለተኛው ግን ባዕድ መልስ ነው፤ ማባዛቱ የኔጌቲቭን ምልክት ስለሚደመስስ ሾልኮ ገባ እንጂ፣ x = −1.2 ብንተካ ግራው 0.77 ገደማ ሆኖ ከቀኙ ይበልጣል። ስለዚህ እውነተኛው መልስ x > 3 ብቻ ነው።

የያለእኩልነቱ ምልክት ተገልብጦ √(2x + 3) > x ሲሆን፣ ስሕተቱም አብሮ ይገለበጣል፤ በጭፍን ማባዛት −1 < x < 3 ብቻ ሰጥቶ፣ ቀኙ ከዜሮ በታች በመሆኑ ያለ ምንም ስሌት እውነት የሆኑትን ከ−3/2 እስከ −1 ያሉትን ቁጥሮች ያስቀራል። ባዕዱ መልስ በመተካት ሲጋለጥ፣ የጠፋው ግን ለፍተሻ ስለማይቀርብ፣ ይህኛው ስሕተት በእውነቱ የከፋ ነው። x < 0 እና x ≥ 0 ተለይተው ሲመረመሩ ግን ምሉዕ መልሱ −3/2 ≤ x < 3 ሆኖ ይወጣል።