የጎደለውን ጎደለ ማለት፦ የሙራቶሪ ቁራጭ ጽሑፍ እንዴት ይጠቃለላል?

ስለ አዲስ ኪዳን ቀኖና ታሪክ በተነሣ ቁጥር አንድ አባባል ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። በ170 ዓ.ም. ገደማ የነበረችው የሮም ቤተ ክርስቲያን አራቱን ወንጌላት ተቀብላ፣ ዕብራውያንን፣ ያዕቆብንና የጴጥሮስን መልእክቶች ግን አልተቀበለችም ይባላል። አንዳንዱ ይህን ይዞ መጽሐፍ ቅዱሳችንን ይነቅፍበታል፤ ሌላው ደግሞ ቀኖናው ያን ጊዜውኑ ተጠናቅቆ ነበር ብሎ ይሟገትበታል። ሁለቱም የሚጠቅሱት ሰነድ አንድ ነው፤ እርሱም የሙራቶሪ ቁራጭ የሚባለው 85 መስመር ነው። እኛም ዛሬ ይህ ሰነድ በእውነት ምን እንደሚል፣ ምን እንደማይልና በታማኝነት ሲጠቃለል ምን እንደሚመስል እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ሰነዱን እንደ ዕቃ እንየው። ሉዶቪኮ አንቶኒዮ ሙራቶሪ የተባለ ጣሊያናዊ ሊቅ በሚላን ከተማ በአምብሮሲያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘውና በ1740 አሳተመው። የተጻፈበት ብራና ቀድሞ የቦቢዮ ገዳም ንብረት ነበር፤ ቅጂው የ7ኛው ወይም የ8ኛው መቶ ዘመን ነው ይባላል። ቋንቋው ላቲን ነው፤ ነገር ግን እጅግ የተበላሸ ላቲን ነው። ሙራቶሪ ራሱ ያሳተመው የዘመኑ ገልባጮች ምን ያህል ግድ የለሾች እንደነበሩ ለማሳየት ነበር።

የገልባጩን እጅ የምንመዝንበት ጥሩ ማስረጃ እዚያው ጥራዝ ውስጥ አለ። ከቁራጩ ቀጥሎ ከአምብሮስዮስ የተወሰደ 30 መስመር ያህል ጽሑፍ ይገኛል፤ ገልባጩም ይህንኑ ክፍል ሁለት ጊዜ ጽፎታል። ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ያስተያዩ ሊቃውንት ፊደል የሳተ፣ ቃል የጣለ፣ ሐረግ የዘለለ ሆኖ አግኝተውታል። ስለዚህ በቁራጩ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ስሙ ባይገኝ፣ ደራሲው ትቶት ነው ወይስ ገልባጩ ጥሎት ነው የሚለው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ክፍተቶቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ክፍተት መነሻው ላይ ነው። ጽሑፉ የሚጀምረው በዓረፍተ ነገር ጭራ ሲሆን፣ አንድ ሰው በአንዳንድ ነገሮች ላይ ተገኝቶ እንደ ጻፈ የሚናገር ስባሪ ሐረግ ነው። ከዚያ ወዲያው ሉቃስን ሦስተኛው ወንጌል፣ ዮሐንስንም አራተኛው ይለዋል። ከሦስተኛው በፊት ሁለት መኖራቸው ግልጽ ነው፤ ማቴዎስና ማርቆስ መሆናቸውም በጣም የሚመስል ነው። ሆኖም ስማቸው በተረፈው ጽሑፍ ውስጥ የለም። ታማኝ ማጠቃለያ «አራት ወንጌላትን ይቆጥራል፤ የሁለቱ ስም ያለበት ክፍል ጠፍቷል» ይላል እንጂ «ማቴዎስን፣ ማርቆስን፣ ሉቃስንና ዮሐንስን ይጠቅሳል» አይልም።

ሁለተኛው ክፍተት መጨረሻው ላይ ነው፤ ዓይነቱም ከመጀመሪያው የተለየ ነው። ጽሑፉ ስለ መናፍቃን ሲናገር በድንገት ይቆማል፤ በዚያው ገጽ ላይም የአምብሮስዮስ ጽሑፍ ይከተላል። እዚህ የተቀደደ ቅጠል የለም። ምናልባት ገልባጩ ፊቱ የነበረው ምንጭ ራሱ ቀድሞ የተቆረጠ ነበር። ስለዚህ ከመጨረሻው ምን ያህል እንደ ጠፋ በመስመር ቆጥሮ መናገር አይቻልም።

ሦስተኛው ጉዳይ ዝምታ ነው። ዕብራውያን፣ ያዕቆብና ሁለቱ የጴጥሮስ መልእክቶች በተረፈው ክፍል አልተጠቀሱም። ነገር ግን ጽሑፉ የማይቀበለውን ሲገልጥ በግልጽ የሚገልጥ ነው። ወደ ሎዶቅያና ወደ እስክንድርያ ሰዎች በጳውሎስ ስም የተሠሩ መልእክቶች ለመርቅያን ኑፋቄ የተፈጠሩ ናቸው ይላል። የሄርማስ እረኛም ይነበብ፣ ግን በጉባኤ ፊት ከነቢያትና ከሐዋርያት ጋር አይነበብ ይላል። ስለ ዕብራውያንና ስለ ያዕቆብ ግን እንዲህ ያለ ቃል የለም። አልጠቀሰም ማለት አልተቀበለም ማለት አይደለም፤ ተቀብሏል ማለትም አይደለም። ጀርመናዊው ሊቅ ቴዎዶር ዛን የዮሐንስና የጴጥሮስ ራእዮች በሚጠቀሱበት ስፍራ ስለ ጴጥሮስ መልእክት የሚናገሩ ቃላት ወድቀዋል ብሎ ገምቶ ነበር። ግምቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ነገር ግን በማጠቃለያ ውስጥ የሚገባው በዛን ስም እንጂ በሰነዱ ስም አይደለም።

አራተኛው፣ ሰነዱ ከራሱ ጋር የማይስማማበት ቦታ አለ። የጳውሎስን መልእክቶች ሲያነሣ መጀመሪያ ቆሮንቶስን፣ ቀጥሎ ገላትያን፣ ከዚያም ሮሜን ያስቀምጣል። ጥቂት መስመሮች ዝቅ ብሎ ደግሞ ለሰባት አብያተ ክርስቲያናት የተጻፉትን ሲቆጥር ገላትያን አምስተኛ ያደርገዋል። በሁለቱ መካከል ኤፌሶን፣ ፊልጵስዩስና ቆላስይስ ገብተዋል። አንደኛው የይዘት፣ ሁለተኛው የቁጥር ቅደም ተከተል ነው ብሎ ማስታረቅ ይቻል ይሆናል። ሰነዱ ግን ይህን አልነገረንም። ስለዚህ አንዱን መርጠን ሌላውን ከመደበቅ ይልቅ ሁለቱንም ጽፈን «አይገጥሙም» ማለት ይሻላል። የዮሐንስ መልእክቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለት ናቸው ይላል፤ ቀደም ሲል በወንጌሉ አጠገብ የጠቀሰውን የመጀመሪያውን መልእክት ይጨምር አይጨምር ግን አልተገለጠም።

ዘመኑም ያከራክራል። የሄርማስ እረኛ «በቅርቡ በእኛ ዘመን»፣ ጵዮስ የሮም ኤጲስ ቆጶስ ሳለ ተጻፈ በማለቱ ብዙዎች ቁራጩን በ2ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያደርጉታል። አልበርት ሰንድበርግ በ1973 ዓ.ም. የ4ኛው መቶ ዘመን የምሥራቅ ጽሑፍ ነው ብሎ ተከራከረ። «170» የሚለው ቁጥር እንግዲህ ሰነዱ ላይ የተጻፈ ሳይሆን ከዚያ ሐረግ የተሰላ ነው።

እነዚህን ሁሉ ይዘን ማጠቃለያው እንዲህ ቢሆን እንመርጣለን።

«የሙራቶሪ ቁራጭ መነሻውና መጨረሻው የጎደለ፣ በብዙ የቅጂ ስህተት የደረሰን የላቲን ጽሑፍ ነው። ሉቃስን ሦስተኛ፣ ዮሐንስን አራተኛ ወንጌል ይላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስም አልተረፈም። የሐዋርያት ሥራን፣ 13 የጳውሎስ መልእክቶችን፣ ይሁዳን፣ ሁለት የዮሐንስ መልእክቶችን (የትኞቹ እንደሆኑ አከራካሪ ነው) እና የዮሐንስን ራእይ ይቀበላል። የጴጥሮስን ራእይም ይጨምራል፤ ነገር ግን አንዳንዶች በጉባኤ እንዲነበብ እንደማይፈልጉ ይመሰክራል። የሰሎሞንን ጥበብም በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ያስገባል። የጳውሎስን መልእክቶች በሁለት የማይገጥሙ ቅደም ተከተሎች ይዘረዝራል። በተረፈው ክፍል ስለ ዕብራውያን፣ ስለ ያዕቆብና ስለ ጴጥሮስ መልእክቶች ምንም አይልም። ዘመኑ አከራካሪ ነው።»

ይህ ማጠቃለያ ከተለመደው አባባል ይረዝማል፤ ለክርክርም እንደ እርሱ አይመችም። የሰሎሞንን ጥበብና የጴጥሮስን ራእይ መተው ለእኛ ለወንጌላውያን ቀላል ፈተና ነበር፤ ዝርዝሩ በእጃችን ካለው መጽሐፍ ቅዱስ ጋር ይበልጥ ይቀራረብ ነበርና። ግን ያን ብናደርግ ጊዜ ባጠፋው ላይ እኛም በእጃችን ሌላ ጉድለት እንጨምራለን። አንባቢም የጥንቱን ጽሑፍ ሳይሆን የእኛን ምኞት ይዞ ይሄዳል።

እንግዲህ ወገኖች፣ «የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ይህን መጽሐፍ ጥላ ነበር» ተብሎ ሲነገራችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሰነዱ ከየት ይጀምራል? የት ይቆማል? ተናጋሪው ይህን ካላወቀ ማጠቃለያውን እንጂ ሰነዱን አላየም ማለት ነው።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።