ባለቤትና ተሳቢ በአንድ የላቲን የትንሣኤ ዝማሬ፦ ስለ ስሞች መድረሻና ስለ ቃላት ተራ

በምዕራባዊቱ ቤተ ክርስቲያን በበዓለ ትንሣኤ ቅዳሴ ከወንጌል ንባብ አስቀድሞ የሚዜመው፣ በመነሻ ቃላቱም «ቪክቲማኤ ፓስካሊ ላውዴስ» እየተባለ የሚጠራው አጭር ድርሰት በ11ኛው መቶ ዓመት የተደረሰ ሲሆን፣ ደራሲውም የንጉሠ ነገሥት ኮንራድ 2ኛ የቤተ መንግሥት ካህን የነበረው ቪፖ ነው ይባላል። በ1570 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመው የሮማ መጽሐፈ ቅዳሴ በመካከለኛው ዘመን በየአድባራቱ ይዜሙ ከነበሩት እጅግ ብዙ መሰል ድርሰቶች 4ቱን ብቻ ሲያስቀር ይህ ከእነርሱ አንዱ ስለ ሆነ፣ ላቲን የሚማር ሰው ሁሉ ፈጥኖም ሆነ ዘግይቶ ያገኘዋል። ቃላቱ ቀላል ናቸው፤ አገባቡ ግን ቃላቱ እንደሚመስሉት ቀላል አይደለም።

ለላቲን ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚነገረው ትምህርት፣ ስም በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን ሙያ የሚያስታውቀው መድረሻው እንጂ የተቀመጠበት ስፍራ አይደለም የሚል ነው። ትምህርቱ በጠቅላላው እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ዝማሬ በዚያ ሕግ ብቻ ሊፈታ የሚነሣ ሰው ከመጀመሪያው ቃል ላይ ይሰናከላል፤ ምክንያቱም በድርሰቱ ውስጥ ተሳቢ ሆነው ከሚገኙት ስሞች የሚበዙት በመድረሻቸው ከባለቤት የማይለዩ ናቸው። የግእዝ ቅኔ የሚያውቅ አንባቢ በዚህ አይደነቅም፤ «ንጉሥ» ሲሳብ «ንጉሠ» እንደሚል፣ «ደብተራ» ግን ባለቤትም ቢሆን ተሳቢም ቢሆን ያው «ደብተራ» ሆኖ እንደሚቀር ያውቃልና።

እንግዲህ መክፈቻውን ቃል በቃል እንመርምር። የመጀመሪያው ስም «ቪክቲማኤ» መሥዋዕት ማለት ሲሆን፣ በ«ኣኤ» የሚያልቅ የዚህ ወገን ስም ሦስት ሙያ ሊኖረው ይችላል፤ ወይ የአንዲት መሥዋዕት ዘርፍ ነው፣ ወይ «ለመሥዋዕት» የሚል ተቀባይ ነው፣ ወይም «መሥዋዕቶች» የሚል የብዙ ባለቤት ነው። ማሰሪያው አንቀጽ «ኢሞሌንት» በብዙ ቁጥር የተነገረ ስለ ሆነ፣ መጀመሪያ የመጣውን ስም ባለቤት ማድረግ የለመደ አንባቢ «መሥዋዕቶቹ ይሠዉ» ብሎ ቢጀምር ከግሱ በኩል የሚከለክለው የለም። የሚከለክለው ቅጽሉ ነው። «ፓስካሊ» ማለትም «የፋሲካ» የሚለው ቅጽል የሌላ ወገን እርባታ ስላለው፣ ስሙ የብዙ ባለቤት ቢሆን ኖሮ «ፓስካሌስ»፣ ዘርፍ ቢሆን ኖሮ «ፓስካሊስ» ይል ነበር። በ«ኢ» ብቻ ያለቀው ቅጽል ወይ የተቀባይ ነው ወይም «በ» እና «ከ» ብለን የምንፈታው ሙያ ነው፤ ይህ ሁለተኛው ሙያ ደግሞ ስሙን «ቪክቲማ» ያሰኘው ነበር። ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ሊስማሙበት የሚችሉት ሙያ አንድ ብቻ ቀረ፤ እርሱም «ለፋሲካው መሥዋዕት» የሚለው ነው። ከሁለቱ አንዱም ለብቻው ሙያውን አልተናገረም፤ የሁለቱ ጥርጥር በተገናኘበት ስፍራ ግን ጥርጥሩ ጠፋ።

አሁን የቀሩት ሁለት ስሞች ናቸው። «ላውዴስ» ማለትም ምስጋናዎች የሚለው ከሦስተኛው እርባታ ወገን ነው፤ በዚህ ወገን የብዙ ባለቤትና የብዙ ተሳቢ መድረሻ አንድ «ኤስ» ነው። «ክሪስቲያኒ» የሚለው ደግሞ ወይ «የክርስቲያን» የሚል የነጠላ ዘርፍ ወይም «ክርስቲያኖች» የሚል የብዙ ባለቤት ይሆናል፤ ተሳቢ ግን ከቶ ሊሆን አይችልም፤ ተሳቢ ቢሆን «ክሪስቲያኖስ» ይባል ነበርና። እዚህ ላይ መፍቻው የሚገኘው ከማሰሪያው አንቀጽ ጠባይ ነው። «ኢሞሌንት» ተሻጋሪ ግስ ነው፤ የሚሠዋ ሰው እንዲኖር የሚሠዋም ነገር ይፈልጋል። ምስጋናዎችን ባለቤት ብናደርጋቸው ግሱ ተሳቢ አጥቶ ይቀራል፤ «ክሪስቲያኒ»ም ዘርፍ ሆኖ ለምስጋናዎቹ ይንጠለጠላል። ምስጋናዎችን ተሳቢ፣ ክርስቲያኖችን ባለቤት ስናደርግ ግን ሁሉም በየስፍራው ያርፋል፤ ክርስቲያኖች ለፋሲካው መሥዋዕት ምስጋናን ይሠዉ ዘንድ ተጋበዙ። የግሱም አናባቢ መታለፍ የለበትም፤ «ኢሞላንት» ቢል ኖሮ የሚያደርጉትን መናገር ነበር፣ «ኢሞሌንት» ስላለ ግን ሣልሳይ አንቀጽ፣ ማለት ትእዛዝና ምኞት ሆነ።

ባለቤቱ ከሁሉ በኋላ የመጣበት ይህ ተራ በላቲን እንግዳ አይደለም፤ የዝማሬው ደራሲ ግን የቃሉን ተራ የሚወስነው ለአንባቢ እንዲመቸው ብቻ አልነበረም። ይህ ዓይነት ድርሰት ከመክፈቻው በኋላ ሁለት ሁለት አንቀጾችን በአንድ ዜማ እያጣመረ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ የጥንዱ ቀለማት መቈጠርና መመጣጠን ይገባቸዋል። ስለ በጉና ስለ በጎቹ የሚናገረው አንቀጽና ስለ ሞትና ሕይወት ውጊያ የሚናገረው አንቀጽ በዜማ የተጣመሩ ናቸው፤ ቢቈጠሩም ሁለቱም በ7፣ በ7፣ በ6 እና በ4 ቀለም ተከፍለው እያንዳንዳቸው 24 ቀለም ይሆናሉ። ኃጢአተኞች የሚለው ባለ 4 ቀለም ቃል «ፔካቶሬስ» በመጨረሻ የተቀመጠው ተሳቢ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ በዜማው መዝጊያ ላይ ያለው ስፍራ 4 ቀለም ስለሚጠብቅ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

በዚሁ አንቀጽ ውስጥ የቁጥር ስምምነት ምን ያህል እንደሚረዳ በግልጽ ይታያል። በጉ «አግኑስ» የነጠላ ባለቤት መድረሻ ይዞ ቆሟል፤ በጎቹ «ኦቬስ» ግን እንደ ምስጋናዎቹ በ«ኤስ» አልቀው ሁለት ሙያ ይመስላሉ። ተቤዠ የሚለው ግስ «ሬዴሚት» በነጠላ ስለ ተነገረ በጎቹ ባለቤቱ ሊሆኑ አይችሉም። ኃጢአተኞችን ከአብ ጋር ባስታረቀው ግስም ላይ ነገሩ አንድ ነው፤ አስታራቂው ነጠላ፣ የታረቁት ብዙ፣ ግሱ ነጠላ። ደራሲው ይህን አስቦ አደረገው ማለት አልደፍርም፤ የነገሩ ምሥጢር አንዱ ስለ ብዙዎች የሚል ስለ ሆነ ሰዋስዉም ያንኑ ተከትሎ ይሆናል። በጉ ብዙ፣ ወይም የተቤዠው አንድ በግ ብቻ ቢሆን ኖሮ የፈቺው ሥራ ሌላ ይሆን ነበር።

ሞትና ሕይወት በተጋጠሙበት ስፍራ ሌላ ወጥመድ አለ። «ቪታ» ማለት ሕይወት የሚለው ስም በጽሕፈት ባለቤትም «በሕይወት» የሚልም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ የሚለዩት የመጨረሻው አናባቢ በማጠሩና በመርዘሙ ነው፤ ይህ ግን በብራና ላይ አይጻፍም። የሚያድነን ሞት ነው፤ «ሞርስ» ባለቤት ከመሆን በቀር ሌላ ፍቺ የለውም፣ ሕይወትም ከእርሱ ጋር በ«እና» ተያይዛለችና የእርሱን ሙያ ትወስዳለች። ማሰሪያው «ኮንፍሊክሴሬ» ደግሞ መድረሻው ንኡስ አንቀጽ ይመስላል፤ ብዙ ተማሪም «መዋጋት» ብሎ ይፈታዋል። ይሁን እንጂ ንኡስ አንቀጹ «ኮንፍሊጄሬ» ነው፤ በመካከሉ ያለው «ክስ» የኃላፊ ጊዜ ምልክት ስለ ሆነ ቃሉ «ተዋጉ» የሚል የብዙ ቀዳማይ አንቀጽ ነው። በዝማሬው ማብቂያ የሚገኘው «ሚሴሬሬ» በ«ኤሬ» ያለቀ ሆኖ ሳለ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ «ማረን» የሚል ትእዛዝ ነው። አንድ መድረሻ ሦስት ነገር መስሎ ሲታይ ሥሩን ሳይመለከቱ መድረሻውን ብቻ ማመን ዋጋ የለውም።

መግደላዊት ማርያም ያየችውን የምትናገርበት ክፍል ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምር ይመስለኛል። ግሱ «ቪዲ» ማለትም «አየሁ» ባለቤቱን በራሱ ውስጥ ስለያዘ ባለቤት ፍለጋ አያስፈልግም። መቃብሩ «ሴፑልክሩም» ግን ወንድም ሴትም ያልሆነ ጾታ ስላለው ባለቤቱና ተሳቢው አንድ ናቸው፤ ተሳቢነቱን በማያጠራጥር መድረሻ የሚናገረው ክብሩ፣ «ግሎሪያም» ብቻ ነው። የሚነሣው የሚለው ዘርፍ «ሬሱርጄንቲስ» ከክብሩ ተለይቶ ግሱን ተሻግሮ በመጨረሻ ቆሟል፤ ይህም «ቪቬንቲስ» ከሚለው ጋር ቤት እንዲመታ ነው። ቀጥሎ የመላእክት ምስክሮች፣ መጠምጠሚያው ጨርቅና ልብሶቹ ያለ ግስ ይዘረዘራሉ። ምስክሮቹና ልብሶቹ በ«ኤስ» ያልቃሉ፣ ጨርቁም እንደ መቃብሩ ባለቤትና ተሳቢው አንድ ነው፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ራሱን የቻለ የባለቤቶች ዝርዝር ሊመስል ይችላል። ጥርጣሬውን የሚቈርጠው «አንጄሊኮስ» ያለው ቅጽል ነው፤ ባለቤት ቢሆን «አንጄሊቺ» ይል ነበር። በዚያ አንድ «ኦስ» ምክንያት ዝርዝሩ ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ «አየሁ» ከሚለው ግስ ጋር ይታሰራል።

መድረሻ በግልጽ ሲታይም ሁልጊዜ አይታመንም። ክርስቶስ በእውነት ከሙታን እንደ ተነሣ ማኅበሩ ሲመሰክር፣ የክርስቶስ ስም የተሳቢ መድረሻ ይዞ «ክሪስቱም» ተብሏል፤ የተነሣው ግን ራሱ ነው። ላቲን ከማወቅ ግስ በኋላ የሚታወቀውን ነገር በንኡስ አንቀጽ ሲናገር የዚያን ነገር አድራጊ በተሳቢ መልክ ያስቀምጠዋል። በዚህ ስፍራ «ክርስቶስን አነሣ» ብሎ ሌላ አድራጊ የሚፈልግ ተርጓሚ መድረሻውን በሚገባ አውቆ አገባቡን የሳተ ነው።

ከታተመው መጽሐፍ ወደ ብራናው ሲወረድ ችግሩ ይበዛል። የመካከለኛው ዘመን ጸሓፊዎች «ኣኤ»ን በአንድ «ኤ» ብቻ መጻፍ ልማዳቸው ስለ ነበረ፣ የሕይወት አለቃ በሚለው ሐረግ ውስጥ «ቪታኤ» የሚገባው ዘርፍ «ቪቴ» ሆኖ ይገኛል፤ «ቪቴ» ደግሞ በራሱ «በወይን ተክል» ማለት ነው። ከዚህም የሚከፋው፣ በቃል መጨረሻ ያለውን «ም» ፊደሉን ሳይጽፉ በአናባቢው ላይ ትንሽ ሰረዝ በመሳብ ያሳጥሩት ነበር። ሰረዙ ቢደበዝዝ ወይም ገልባጩ ቢዘነጋው «ግሎሪያም» «ግሎሪያ» ይሆንና ማርያም ያየችው ክብር ባለቤት መስሎ ይታያል። እንዲህ ሲሆን ክብሩ ባለቤት ቢሆን ግሱ በሦስተኛ መደብ ይነገር እንደ ነበር፣ «ቪዲ» ግን በአንደኛ መደብ እንደ ተነገረ ማስታወስ ነው፤ ከዚያም ወደ ብራናው ተመልሶ የጠፋውን ሰረዝ ከ«ኣ»ው ራስ ላይ መፈለግ ነው።