ኔትወርክ በሚደክምበት ቀበሌ የዙም ስብሰባን ሳይቋረጡ ለመከታተል

ስንዴ በሚያሸትባቸው ሳምንታት በአንድ ቀበሌ የታየ ቢጫ ዋግ አየሩ ከተመቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ጎረቤት ማሳዎች ይዛመታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የዞን የሰብል ጥበቃ ባለሙያ በየቀበሌው ያሉትን የልማት ሠራተኞች ሁሉ በአካል ማግኘት ስለማይችል በዙም ይሰበስባቸዋል። በወረዳው ከተማ ያለው ተሳታፊ ያለ ችግር ይከታተላል። ከዋናው መንገድ ርቆ በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል የተቀመጠው ግን የባለሙያውን ፊት ቆሞ ያያል፣ ድምፁን እየተቆራረጠ ይሰማል፣ ጥቂት ቆይቶም ከስብሰባው ይወጣል። ጉዳቱ የሚታየው በኋላ ነው። «በሄክታር ግማሽ ሊትር» የተባለው የመድኃኒት መጠን «ግማሽ» የምትለው ቃል ተቆርጣ ከተሰማች፣ የተሳሳተው መጠን ማሳ ላይ ይረጫል።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ ደጋግመው መውጣትና መግባትን መፍትሔ ያደርጉታል። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ደካማው ኔትወርክ ድምፅን ለመሸከም ይበቃል፤ መንገዱን የሚዘጋው ምስሉ ነው። ዙም ራሱ ባወጣው መመዘኛ መሠረት በቡድን ስብሰባ ላይ ጥሩ ምስል ለመላክና ለመቀበል በሰከንድ ከ600 ኪሎ ቢት እስከ 1 ሜጋ ቢት ያስፈልጋል። ለድምፅ ብቻ ግን ከ60 እስከ 80 ኪሎ ቢት ይበቃል። ሰብሳቢው በስክሪን የሚያሳየውን ጽሑፍ ወይም ሠንጠረዥ ለመከታተልም ከ50 እስከ 75 ኪሎ ቢት በቂ ነው። በአጭሩ አንድ ሰው ካሜራውን ሲከፍት ቢያንስ የሰባት ወይም የስምንት ሰው ድምፅ የሚያልፍበትን መንገድ ለፊቱ ምስል ብቻ ይይዛል።

የዳታ ወጪውም በዚያው ልክ ይለያያል። በ80 ኪሎ ቢት የሚተላለፍ ድምፅ በአንድ ሰዓት 36 ሜጋባይት ገደማ ሲወስድ፣ በ600 ኪሎ ቢት የሚላክ ምስል 270 ሜጋባይት ይወስዳል።

ካሜራ ከመዝጋት በፊት ግን ችግሩ በየትኛው አቅጣጫ እንደሆነ መለየት ይገባል። የስልክ ኢንተርኔት ሁለት መንገዶች አሉት፤ አንዱ የሚቀበልበት፣ ሌላው የሚልክበት ነው። የሚልክበት መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ጠባቡ ነው። ተሳታፊው ሰብሳቢውን በደንብ እየሰማ ሰብሳቢው ግን «ድምፅህ ይቆራረጣል» ካለው፣ የደከመው የመላኪያው መንገድ ነውና የራስን ካሜራ መዝጋት ይጠቅመዋል። ሌሎች እርሱን በደንብ እየሰሙት እርሱ ግን የሚሰማው ከተቆራረጠበት ችግሩ በመቀበያው ነው። በዚህ ጊዜ የራሱን ካሜራ መዝጋቱ ብዙም ለውጥ አያመጣለትም፤ ከሌሎች የሚመጣውን ምስል ማስቆም አለበት። ካሜራቸውን ዘግተው ችግሩ ያልተፈታላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ያልተረዱት ይህንን ልዩነት ነው።

ሁለቱንም መንገዶች አስቀድሞ መለካት ይቻላል። በስልኩ ማሰሻ fast.com የሚለውን ገጽ ሲከፍቱ በመጀመሪያ የሚታየው ትልቅ ቁጥር የመቀበያው ፍጥነት ብቻ ነው። የመላኪያውን ለማየት «Show more info» የሚለውን መንካት ያስፈልጋል። ልኬቱ በስብሰባው ሰዓትና ስልኩ በሚቀመጥበት ቦታ ቢደረግ ይመረጣል፤ ከቢሮው ውስጥና ከደጁ፣ ከጠዋትና ከማታ የሚገኘው ውጤት ሊራራቅ ይችላል።

አንድን ሁኔታ በቁጥር እንመልከት። አንዲት የልማት ሠራተኛ ለ3 ሰዓት ለተጠራ ስብሰባ ከሩብ ሰዓት በፊት ብትለካ ለመቀበል 200፣ ለመላክ 90 ኪሎ ቢት አገኘች እንበል። የሌሎችን ምስል ለመቀበልም ሆነ የራሷን ለመላክ ቢያንስ 600 ያስፈልጋታልና ካሜራ ከፍቶ መግባት የማይታሰብ ነው። በሌላ በኩል የባለሙያው ድምፅ 80፣ በስክሪን የሚያሳየው ሠንጠረዥ 75፣ በድምሩ 155 ኪሎ ቢት ነው። ይህ በ200 ውስጥ ያልፋል። እርሷ ስትናገር የሚላከው 80 ደግሞ በ90 ውስጥ በጠባቡ ያልፋል። ስለዚህ በዚህ ኔትወርክ ስብሰባውን በሙሉ መስማት፣ ሠንጠረዡን ማየትና ጥያቄ መጠየቅ ትችላለች። የማትችለው ፊት ማየትና ማሳየት ብቻ ነው።

ይህንን ለማድረግ በመግቢያው ገጽ ላይ፣ «Join» የሚለውን ከመንካቷ በፊት፣ «Turn Off My Video» የሚለውን ታበራለች። ከገቡ በኋላ ካሜራ መዝጋትም ይቻላል፤ ነገር ግን በደካማ ኔትወርክ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ከሁሉም የከፉ ስለሆኑ ቀድሞ ዘግቶ መግባት ይሻላል። ከገባች በኋላ ድምፅ የሚያገናኘውን «Wifi or Cellular Data» የሚለውን ትመርጣለች። ይህንን ሳይነኩ ቀርተው «ምንም አይሰማኝም» የሚሉ ተሳታፊዎች በየስብሰባው አይጠፉም፤ ጥፋቱም የኔትወርኩ አይደለም። በመጨረሻ «More» በሚለው ሥር «Stop Incoming Video» የሚለውን ትነካለች። የሌሎቹ ፊት ከስክሪኗ ይጠፋል፤ ባለሙያው የሚያጋራው ሠንጠረዥ ግን ይቀራል። የምርጫዎቹ ቦታ እንደ ዙሙ እትም ሊለያይ ስለሚችል ከስብሰባው ቀን በፊት አንድ ጊዜ ፈልጎ ማግኘት ጥሩ ነው። እግረ መንገድም ዙም እድሳት የሚፈልግ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ያረጀ እትም ካልታደሰ በቀር ወደ ስብሰባ ላያስገባ ይችላል፤ በ200 ኪሎ ቢት የሚወርድ እድሳት ደግሞ ስብሰባው ካበቃ በኋላም ላያልቅ ይችላል።

በኮምፒውተር የሚገባ ሰው ኔትወርኩ መካከለኛ ከሆነና ካሜራውን መክፈት ግድ ከሆነበት፣ በምስል ቅንብሮች ውስጥ «HD» የሚለው ምልክት እንዳልተደረገበት ያረጋግጥ። የምስሉ ጥራት ዝቅ ይላል፤ የሚላከው ዳታም ይቀንሳል። በስልክና በጠባብ ኔትወርክ ላይ ግን ጥራት ከማውረድ ይልቅ ካሜራውን መዝጋት ይመረጣል። ሌሎች መተግበሪያዎችም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። በዋትስአፕና በቴሌግራም የዳታ ቅንብሮች ውስጥ ለጥሪ አነስተኛ ዳታ የሚያስጠቅም ምርጫ ይገኛል።

ከስብሰባው መሀል ባለሙያው «የታመመውን ቅጠል አሳዪኝ» ቢላት ካሜራ መክፈት ፈታኝ ነው። በ90 ኪሎ ቢት የሚላክ ተንቀሳቃሽ ምስል የቢጫ ዋግን ልዩ ምልክት፣ የቅጠሉን ሥር ተከትሎ የተደረደረውን ቢጫ ዱቄት የመሰለ መስመር፣ አጥርቶ አያሳይም፤ ድምፁንም አብሮ ያስቆመዋል። የሚሻለው ቅጠሉን በብርሃን ቀርቦ ፎቶ ማንሳትና በቴሌግራም መላክ ነው። ይሁንና ፎቶው እንዴት እንደሚላክ ማስተዋል ያስፈልጋል። 4 ሜጋባይት የሚመዝን ፎቶ እንደ ፋይል ከተላከ በዚህ ኔትወርክ ስድስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜም ድምፅ አያሳልፍም። በተለመደው የፎቶ አላላክ ቴሌግራም መጠኑን ወደ 200 ኪሎባይት ገደማ ቢያወርደው ከሃያ ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ይደርሳል። በሚላክበት ጊዜ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚፈለገው።

ኔትወርኩ ከዚህም ቢወርድ ሥራው በደረጃ ይቀጥላል። የመላኪያው ፍጥነት ከ60 ኪሎ ቢት በታች ሲሆን ማይክ ዘግቶ እየሰሙ ጥያቄን በዙም የጽሑፍ መስኮት መላክ ይቻላል፤ ጽሑፍ የሚወስደው ዳታ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። መቀበያውም ሲወድቅ፣ ለምሳሌ በስልኩ አናት ላይ ከ4G ይልቅ E የምትለው ፊደል ስትታይ፣ ኢንተርኔቱን ትቶ ወደ መደበኛ ስልክ መዞር ይገባል። አንዳንድ የዙም ግብዣዎች በስልክ የሚደወልባቸው ቁጥሮች አሏቸው። ቁጥሩ በ+251 የማይጀምር ከሆነ ግን ክፍያው የውጭ አገር ጥሪ ክፍያ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ርካሹና ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዘዴ ሌላ ነው። በወረዳው ጽሕፈት ቤት በስብሰባው ላይ ያለ ባልደረባ ለልማት ሠራተኛዋ በመደበኛ ጥሪ ደውሎ ስልኩን በላውድስፒከር ከኮምፒውተሩ ድምፅ ማውጫ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ድምፁ ያማረ አይሆንም፤ ቃላቱ ግን አይቆረጡም። ሁለቱ መሣሪያዎች ተጠጋግተው ካፏጩ ስልኩን ትንሽ ማራቅ ወይም የኮምፒውተሩን ማይክ መዝጋት ይበቃል። ለዚህ ግን የሚደውለው ሰው ማን እንደሆነ ከስብሰባው በፊት መስማማት ያስፈልጋል፤ ከተቋረጠ በኋላ ሰው መፈለግ ግማሹን ስብሰባ ይበላል።

መደበኛ ጥሪ በሌላ በኩል የስብሰባው ጠላት ሊሆን ይችላል። በ2G ኔትወርክ ላይ አንድ ሰው ሲደውል በአብዛኛው ዳታው ይቆማል፤ 4G ላይ ያለ ስልክም ጥሪ ሲመጣ ወደ 3G ወይም 2G ሊወርድ ይችላል። ባለ ሁለት ሲም ስልኮች ደግሞ ብዙዎቹ በአንደኛው ሲም ጥሪ ሲነሣ በሁለተኛው ላይ ያለውን ኢንተርኔት ያቆማሉ። ያለ ምክንያት የመጣ የሚመስለው መቋረጥ አንዳንዴ «ደርሰሃል ወይ?» ብሎ የሚደውል ወዳጅ ያመጣው ነው። ለሚጠጉ ሰዎች አስቀድሞ መናገር፣ የማይፈለገውን ሲምም ለጊዜው ማጥፋት ይረዳል። በዚያው ጊዜ ቴሌግራም ከየቡድኑ ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ መዝጋት፣ ሆትስፖት የሚጋራ ሰው ካለም ለአንድ ሰዓት እንዲታገሥ መለመን አይከፋም።

ሰብሳቢውም የሚያደርገው አለ። እርሱ በጥሩ ኔትወርክ ላይ ስለሚቀመጥ የሩቁ ችግር አይታየውም። በስክሪን የሚያጋራው ነገር ቆሞ የሚነበብ ሠንጠረዥ ከሆነ ጥቂት ዳታ ይፈልጋል፤ በዚያው ስክሪን ቪዲዮ ካጫወተ ግን ካሜራቸውን የዘጉትም ሁሉ ይቋረጣሉ። ቪዲዮውን ቀን ቀድሞ መላክ ይችላል። ሠንጠረዡንም ሰነድ አድርጎ በዋዜማው በቴሌግራም ቢልክ፣ ስክሪኑ የማይደርሰው ተሳታፊ «ገጽ ሦስት» ሲባል በእጁ ያለውን ገልጦ ይከታተላል።

የመድኃኒት መጠን፣ የውኃ ልክና የርጭት ቀን ግን በዙም ድምፅ ብቻ ሊተላለፉ አይገባም። ስብሰባው እንዳበቃ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይላካሉ፤ ይህ መልእክት ዳታ በማይሠራበት ቦታም ይደርሳል። ቁጥሩ በአሃዝም በፊደልም፣ «0.5 ሊትር፣ ግማሽ ሊትር፣ ለአንድ ሄክታር» ተብሎ ይጻፋል። ተቀባይዋም «ደርሶኛል» ብላ አታበቃም፤ መጠኑን ራሷ ጽፋ ትመልሳለች።