የኔትወርክ ውጤት

የኔትወርክ ውጤት ተጠቃሚ በበዛ ቁጥር አንድ አገልግሎት ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚሰጠው ጥቅም የሚጨምርበት ሁኔታ ነው። ስልክ፣ እንደ ቴሌግራም ያሉ የመልእክት መተግበሪያዎችና የሞባይል ገንዘብ በዚህ ይታወቃሉ።

ብዙ ሰው የሚገዛው ነገር ሁሉ ይህ ባሕርይ የለውም። ሰበታ የሚገኘው የሜታ ቢራ ፋብሪካ ምርቱን ሲያበዛ የአንዱ ጠርሙስ ወጪ ሊቀንስ ይችላል። ቢራው ግን ጎረቤትም ስለጠጣው ለጠጪው የተለየ አይሆንም። ሁለቱን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ሌሎቹ ነገ ቢተዉት፣ እኔ እጅ ላይ ያለው ይረክሳል ወይ? ቴሌግራም ላይ ብቻውን የቀረ ሰው መተግበሪያው ምንም አልጎደለበትም፤ የሚጽፍለት ግን የለም።

ጥቅሙ እንዴት እንደሚያድግ ለማየት ቡራዩ ውስጥ 20 አባላት ያሉትን ዕቁብ እናስብ። እያንዳንዱ ከሌሎቹ 19 ጋር ሊገናኝ ስለሚችል፣ ሁለት ሁለት ሆነው ሲቆጠሩ 20 በ19 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 190 ግንኙነት ይገኛል። 14ቱ አባላት ቴሌግራም ቢኖራቸው ግንኙነቱ 91 ብቻ ነው። ከአባላቱ 70 በመቶው ገብተው ከግንኙነቱ ግማሹ እንኳ አልተሸፈነም ማለት ነው። የመጨረሻዎቹ ስድስት ሲገቡ 99 ግንኙነት ይጨመራል፤ ይህም የመጀመሪያዎቹ 14 በአንድነት ካመጡት ይበልጣል።

ይህ አቆጣጠር በአሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ሜትካፍ ስም ይጠራል። ጉድለቱ ሁሉንም ግንኙነት እኩል ማየቱ ነው። በዕቁቡ ውስጥ ሁለት አባላት እርስ በርስ ባይጻጻፉ ብዙም አይጎዳም። ዳኛውና ጸሐፊው ከሌሉበት ግን የ18ቱ መግባት እምብዛም አይረባም። ስድስቱ ውጭ ሲቀሩም ጸሐፊው ዕጣ የወጣለትን በግሩፑ ከጻፈ በኋላ ለስድስቱ አንድ በአንድ መደወል አለበት። ሥራው የሚቀለው የመጨረሻው ሰው ሲገባ ነው።

ስለዚህ የአገር አቀፉ የተጠቃሚ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ወሳኙ አብረውን የሚሠሩት ሰዎች መኖራቸው ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ፣ ብዙ ነዋሪያቸው ግን ከአዲስ አበባ ጋር ተሳስሮ የሚኖር ከተሞች ናቸው። በስልክ የሚጠራ ታክሲ እዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። አንድ ድርጅት በአዲስ አበባ በሺዎች የሚቆጠሩ ሾፌሮች ቢኖሩት፣ ሱሉልታ ለቆመ ተሳፋሪ የሚጠቅመው በአቅራቢያው ያለው ሾፌር ብቻ ነው። ሾፌሩ ሲመለስ ባዶውን እንደሚመጣ ካሰበ ወደዚያ መሄዱን አይወደውም። ሾፌር ሲጠፋ ተሳፋሪ መጥራት ይተዋል፤ ተሳፋሪ ሲተው ደግሞ ሾፌር ይብሱን ይሸሻል። ያው ውጤት ወደ ታችም ይሠራል ማለት ነው።

አዲስ አገልግሎት ከዚህ አዙሪት ለመውጣት የመጀመሪያዎቹን ተጠቃሚዎች በሌላ ምክንያት ማምጣት ይኖርበታል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር የኢትዮ ቴሌኮም ነባር ደንበኞች ነበሩለት። ደንበኛ መኖሩ ግን ነጋዴ እንዲቀበል አያደርግም፤ ነጋዴ ካልተቀበለ ደግሞ ደንበኛው ገንዘቡን እዚያ የሚያኖርበት ምክንያት የለውም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በመላ አገሪቱ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ መታዘዙ ሁለቱንም ወገን ባንድ ጊዜ አስገባቸው። ማደያው መቀበል፣ ሾፌሩም ሒሳብ መክፈት ግድ ሆነበት። ለነዳጅ የተከፈተው ሒሳብ ደግሞ ለሌላ ክፍያም ያገለግላል። ኤምፔሳ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሲመጣ የጠበቀው ይህ የተያዘ ገበያ ነው።

የቀደመው ሁልጊዜ እንዳይገዛ የሚያደርገው የኔትወርኮች መያያዝ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ሲከፍት፣ ሲሙን የገዛ ሰው ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ቁጥሮች መደወል ይችል ነበር፤ የሁለቱ መሥመሮች ተገናኝተዋልና። ባንኮችን ደግሞ ኢትስዊች ያገናኛቸዋል፤ ለዚህም ነው የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም የሚሠራው። እንዲህ ሲሆን የኔትወርኩ ጥቅም የአንድ ድርጅት ሀብት መሆኑ ይቀርና የሁሉም ይሆናል፤ ፉክክሩም ወደ ዋጋና ወደ ጥራት ይዞራል።

በመልእክት መተግበሪያዎች መካከል ግን እንዲህ ያለ መያያዝ የተለመደ አይደለም። ከቴሌግራም ወደ ዋትስአፕ መልእክት መላክ አይቻልም። የአውሮፓ ኅብረት ዋትስአፕን የመሰሉ ትልልቆቹ ለሌሎች በር እንዲከፍቱ በሕግ አስገድዷል፤ በኢትዮጵያ ግን ተጠቃሚው አሁንም ወዳጆቹ ባሉበት ይቆያል። መተግበሪያ መቀየር የሚፈልግ ዕቁብ ወይም ዕድር አባላቱ አንድ በአንድ ቢወጡ ሁለቱም ቦታ ጎዶሎ ይሆናል፤ ቀን ቆርጠው በአንድ ላይ ቢዛወሩ ይሻላቸዋል።