በቴሌግራም የላክነውን ከተቀባዩ ሌላ ማን ያየዋል? ተራ ቻትና ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ቻት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ኮሶዬ የምትኖር አንዲት እህት፣ ጅዳ ለሚሠራ ወንድሟ የፓስፖርቷን ፎቶ በቴሌግራም ላከችለት እንበል። ፎቶውን ከሁለቱ ሌላ ማን ማየት ይችላል? መልሱ በየትኛው ቻት እንደላከችው ይወሰናል።

አብዛኞቻችን በቴሌግራም የምንጠቀመው ተራውን ቻት ነው። በዚህ ቻት ፎቶው ከእህታችን ስልክ ሲወጣ ተመስጥሮ ስለሚሄድ የቴሌኮም ድርጅቱም ሆነ የዋይፋዩ ባለቤት መንገድ ላይ ሊያነበው አይችልም። የቴሌግራም ሰርቨር ላይ ሲደርስ ግን የሚቀመጥበትን ቁልፍ የያዘው ራሱ ኩባንያው ነው። ቁልፎቹን በተለያዩ አገሮች ከፋፍሎ እንደሚያስቀምጥ ይናገራል፤ ያም ሆኖ መክፈት የሚችል እጅ አለ ማለት ነው።

ይህን በቀላሉ ማረጋገጥ ይቻላል። አዲስ ስልክ ገዝተን በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ኮድ ስናስገባ የድሮ ቻቶቻችን በሙሉ ይመለሳሉ። አዲሱ ስልክ ከአሮጌው የተቀበለው ምንም ነገር የለም፤ መልእክቶቹ የመጡት ከሰርቨሩ ነው። ስለዚህ ሲም ካርዳችን ወይም ያ ኮድ በሌላ ሰው እጅ ከገባ፣ ያ ሰውም የፓስፖርቱን ፎቶ ያገኘዋል።

ከጫፍ እስከ ጫፍ በተመሰጠረ ቻት ቁልፉን የሚፈጥሩት ሁለቱ ስልኮች ናቸው። ሰርቨሩ የተቆለፈውን ከማድረስ በቀር መክፈቻ የለውም። በቴሌግራም ይህ የሚሠራው ራሳችን ስንከፍተው ብቻ ነው፤ የሰውየውን ፕሮፋይል ከፍተን፣ ሦስቱን ነጥቦች ነክተን Start Secret Chat የሚለውን እንመርጣለን። ወንድሟ ኦንላይን እስኪገባ ቻቱ አይጀምርም፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሲጀምር ከስሙ አጠገብ የቁልፍ ምልክት ይታያል። ቻቱ በተከፈተበት ስልክ ላይ ብቻ ይኖራል፤ ስልኩ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። የቴሌግራም ግሩፖችና ቻናሎች ይህ ምስጠራ የላቸውም።

ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግልም የግሩፕም መልእክቶችን ያለምንም ማስተካከያ በዚህ መንገድ ይመሰጥራል። የፌስቡክ ሜሴንጀርም በታኅሣሥ ወር 2023 እ.ኤ.አ. የግል ቻቶችን በዚሁ መልክ ማድረግ ጀምሯል።

ታዲያ መድረኩ ምንም አያይም ማለት ነው? አይደለም። ምስጠራው የሚሸፍነው የደብዳቤውን ውስጥ እንጂ ፖስታውን አይደለም። ኩባንያው ስልክ ቁጥራችንን፣ የገባንበትን የአይፒ አድራሻ፣ የስልካችንን ዓይነትና ኦንላይን የነበርንበትን ሰዓት ያውቃል። መልእክቱን ለማድረስም ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ማየት ግድ ይለዋል። ቴሌግራም በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው ደንቡ፣ በወንጀል የተጠረጠረ ሰውን የሚመለከት ሕጋዊ የፍርድ አካል ትእዛዝ ሲደርሰው የአይፒ አድራሻና ስልክ ቁጥር ሊሰጥ እንደሚችል ገልጿል። እነዚህ ሁለቱ ብቻ የአንድን ሰው ማንነትና ያለበትን አካባቢ ለማወቅ ብዙ ይረዳሉ።

ይዘቱም ቢሆን በሁለቱ ጫፎች ሊወጣ ይችላል። የዋትስአፕ ቻታችንን ወደ ጎግል አካውንታችን ባክአፕ ስናደርግ፣ ለባክአፑ ለብቻው ምስጠራ ካላበራንለት ያው ምስጠራ አይከተለውም። ይህን ለማብራት በሴቲንግ ውስጥ Chats፣ ከዚያ Chat backup ገብተን End-to-end encrypted backup የሚለውን እንከፍታለን። የይለፍ ቃሉን ከረሳን ግን ዋትስአፕ ሊያስመልስልን አይችልም። ሌላው ደግሞ አነጋጋሪያችን ሪፖርት ካደረገን የመጨረሻዎቹ እስከ አምስት የሚደርሱ መልእክቶች ለኩባንያው ይደርሳሉ። ስክሪን ሾት የሚያነሳን ሰው ደግሞ የትኛውም ምስጠራ አያግደውም፤ እዚያ ላይ ያለን የተቀባዩ አማና ብቻ ነው።

ወደ ኮሶዬዋ እህታችን እንመለስ። ፎቶውን ከተራው ቻት ለሁለቱም ወገን እንዲጠፋ አድርጋ ትሰርዘዋለች፤ ወንድሟም ወደ ጋለሪው አስቀምጦት ከሆነ ከዚያ ያጠፋዋል። ቀጥላ በቴሌግራም ሴቲንግ Privacy and Security ውስጥ Two-Step Verification የሚለውን ታበራለች፤ ከዚያ በኋላ የኤስኤምኤሱ ኮድ ብቻውን አካውንቷን አይከፍትም። ፎቶውን እንደገና መላክ ካስፈለጋት በሚስጥራዊው ቻት ትልካለች። ከመላኳ በፊት ሁለቱም የቻቱን Encryption Key ይከፍቱና በስልክ ተደዋውለው የሚታያቸውን ያመሳክራሉ። አንድ ዓይነት ከሆነ መሃል የገባ ሌላ ሰው የለም። ከተለያየ ግን ፎቶው አይላክም።